ሃንዳውት ምንድን ነው? ስላይድን ማስታወሻ መጻፊያ ባለው ወረቀት ስለ ማተም

ሃንዳውት ማለት በስክሪን ላይ የሚታዩ ስላይዶች በመጠን አንሰው፣ ብዙዎቹ በአንድ ገጽ ተሰብስበውና ለሠልጣኙ መጻፊያ ቦታ ተትቶላቸው በወረቀት የሚታደሉበት ቅጂ ነው። ስላይዱን እንዳለ፣ አንዱን በአንድ ገጽ ማተም ሃንዳውት ማዘጋጀት አይደለም፤ ፊደሉ ከሚገባው በላይ ገዝፎ ወረቀቱን ይጨርሳል፣ ጻፊው ግን እጁን የሚያሳርፍበት ባዶ ስፍራ አያገኝም።

በፓወርፖይንት `File` ከዚያም `Print` ሲባል፣ `Full Page Slides` የሚለው ሲከፈት በ`Handouts` ሥር በአንድ ገጽ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 ወይም 9 ስላይድ የሚይዙ አቀማመጦች ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል በስላይዱ ጎን የተሰመረ መጻፊያ ያለው `3 Slides` ብቻ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ቢኖር፣ በዚህ አቀማመጥና በ6ቱ ውስጥ ስላይዶቹ በመጠን የሚቀራረቡ መሆናቸው ነው፤ ልዩነቱ የገጹ ቀኝ ግማሽ በአንደኛው ለመስመር፣ በሌላው ለተጨማሪ ስላይድ መዋሉ ነው። ስለዚህ የመጻፊያው ዋጋ የገጹ ግማሽ ነው፤ ያን ዋጋ መክፈል ያለብን ሠልጣኙ በእርግጥ ለሚጽፍባቸው ስላይዶች ብቻ ነው።

ይህን በደብረ ብርሃን ከተሰጠ አንድ ሥልጠና እንመልከተው። ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ እንዲሁም ከሞጃና ወደራ ለመጡ 40 የልማት ሠራተኞች ስለ ቢራ ገብስ የተዘጋጀው ገለጻ 36 ስላይዶች ነበሩት። እንዳለ፣ አንዱ ስላይድ በአንድ ገጽ ሆኖ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ቢታተም 1,440 ቅጠል ወረቀት ይፈጃል፤ ይህም 500 ቅጠል ከሚይዘው እሽግ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ሁሉም በ`3 Slides` ሆኖ በወረቀቱ ሁለት ገጽ ሲታተም ግን ለአንድ ሰው 6 ቅጠል፣ በድምሩ 240 ይበቃል።

ከዚህም መቀነስ ይቻላል። የርእሱ፣ የዝርዝሩ፣ የምዕራፍ መለያዎቹና የምስጋናው፣ በጠቅላላው 6 ስላይዶች፣ በወረቀት ላይ ምንም አይጨምሩም። ከቀሩት 30 ውስጥ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ የሚናገሩት 18ቱ ሠልጣኙ የራሱን ቀበሌ ሁኔታ ከጎናቸው የሚጽፍባቸው ስለሆኑ በ3 ይታተማሉ፤ የቅጠል በሽታን የሚያሳዩት 12 ፎቶዎች በ6 ይበቃቸዋል። ስለዚህ በ`Slides` ሳጥን መጀመሪያ የሚከተለው ይጻፋል፤

```
3-8,10-15,17-22
```

ይህ በ`3 Slides` ስድስት ገጽ ይሆናል። ቀጥሎ `24-35` ተጽፎ `6 Slides Horizontal` ሲመረጥ ሁለት ገጽ ይወጣል። ስምንቱ ገጽ በአራት ቅጠል ስለሚያልቅ፣ ለ40 ሰው የሚያስፈልገው 160 ቅጠል ብቻ ነው። በሁለት ገጽ ሲታተም ረጅሙን ጠርዝ ይዞ የሚገለብጠው ምርጫ፣ ማለትም `Flip pages on long edge`፣ መያዙን ማየት ይገባል፤ አለዚያ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል።

ወረቀት ቁጠባው ወሰን የሚያገኘው ፊደሉ ላይ ሲደርስ ነው። በ`3 Slides` ስላይዱ በጎኑ ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ስለሚጠብ፣ በስላይዱ ላይ 24 የነበረ ፊደል በወረቀት 6 ያህል፣ 32 የነበረው ደግሞ 8 ያህል ይሆናል። የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ በዚህ ይጎዳል፤ «ሉ»ን ከ«ሊ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ስለሆነ፣ በተለይ ፎቶ ኮፒ ከተነሣ በኋላ ቅጥያው ከፊደሉ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። አንድ ገጽ ብቻ አትሞ፣ ፎቶ ኮፒውን አንሥቶ፣ በክንድ ርቀት ይዞ ማንበብ በቂ ፈተና ነው። ያልተነበበ ስላይድ ካለ የሚስተካከለው አቀማመጡን በማስፋት ሳይሆን፣ ስላይዱን ለሁለት ከፍሎ ፊደሉን በማተለቅ ነው። ከአታሚው ማሽን በኩል ደግሞ በአንድ ቅጠል ሁለት ገጽ የሚል ምርጫ በድጋሚ መጨመር የለበትም፤ ያነሰውን ዳግመኛ ያሳንሰዋልና።

ጠቆር ያለ መደብ ያላቸው ስላይዶች በ`Grayscale` ወይም በ`Pure Black and White` ቢታተሙ ቀለም ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን ፎቶዎቹ የቅጠሉን ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ መለየት ካለባቸው እነዚያ ሁለት ገጾች በቀለም መውጣት አለባቸው። እንቅስቃሴ ያለባቸው ስላይዶችም ይፈተሹ፤ በስክሪን ተራ በተራ የሚመጡት ሥዕሎች በወረቀት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወጡ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል።

ሥራው ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ከሆነ ፋይሉን በፍላሽ ከመስጠት በፊት ከአታሚዎቹ ዝርዝር `Microsoft Print to PDF`ን መርጦ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይሻላል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የተጠቀምንበት የአማርኛ ፎንት ከሌለው ጽሑፉ በሌላ ፎንት ይተካል፤ መስመሩ ይረዝማል፣ ወይም በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይታያል። በፒዲኤፍ ግን ፊደሉ፣ የገጹ አቀማመጥና የማስታወሻው መስመር በቤታችን እንዳየናቸው ሆነው ይወጣሉ።