የመኪና ባትሪ ቻርጀር እና በኬብል ማስነሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በኬብል ካስነሳሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት ብነዳው ባትሪው ይሞላል።»

ከሌላ መኪና በኬብል የሚመጣው ኃይል ሞተሪኖውን ለማዞር እንጂ ባትሪውን ለመሙላት አይበቃም። ሞተሪኖው 200 አምፔር ለ3 ሰከንድ ቢስብ የተጠቀመው 0.17 አምፔር-ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በሌላ በኩል 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ መብራት በርቶ አድሮ ግማሹን ካጣ፣ የጎደለው 30 አምፔር-ሰዓት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ችግሩ የተፈታ ቢመስልም ባትሪው ራሱ ማለዳ በነበረበት ሁኔታ ላይ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ የመሙላቱ ሥራ በዲናሞው ላይ ይወድቃል። ዲናሞው ግን የፊት መብራቱን፣ የአየር ማራገቢያውንና ሌሎቹን የኤሌክትሪክ ክፍሎችም ስለሚመግብ፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ለባትሪው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ባትሪውም እየሞላ በሄደ ቁጥር የሚቀበለው ኃይል ስለሚቀንስ የመጨረሻው እርከን ሰዓታትን ይፈጃል። ግማሽ ሰዓት መንዳት የጎደለውን በከፊል ይመልስ ይሆናል፣ ሙሉ ግን አያደርገውም፤ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ደግሞ በሰሌዳዎቹ ላይ የሊድ ሰልፌት ክምችት እየጠጠረበት አቅሙን ለዘለቄታው ያጣል።

ትክክለኛውን ሁኔታ ለማወቅ መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ በቮልት መለኪያ ይለካ። ሞተሩ እንደጠፋ የሚገኘው ንባብ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ያሳስታል። 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ያህሉ ጎድሏል። ባለ5 አምፔር ስማርት ቻርጀር 30 አምፔር-ሰዓቱን በስሌት በ6 ሰዓት ይሞላል፤ በመሙላት ሂደት የሚባክነውና መጨረሻ ላይ የሚመጣው መቀዝቀዝ ሲታሰብ ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢሰጠው ይሻላል። ማታ ተሰክቶ ጠዋት ይነቀላል ማለት ነው።

«ቻርጀሩ የሚሰጠው 1 አምፔር ብቻ ስለሆነ ለወራት ተሰክቶ ቢቆይ ጉዳት የለውም።»

ይህ እምነት ብዙ ደህና ባትሪዎችን ያበላሸ ነው። መቆጣጠሪያ የሌለው ተራ አዝጋሚ ቻርጀር ባትሪው መሙላቱን አያውቅም። ባትሪው ከሞላ በኋላ የሚገባው ኃይል የሚውለው ውሃውን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ጋዝ ለመለወጥ ነው፤ ስለዚህ የፈሳሹ መጠን ይወርዳል፣ ሰሌዳዎቹም ከፈሳሹ በላይ ብቅ ይላሉ። በታሸገ ባትሪ ላይ ጉዳቱ ይብሳል፣ የጠፋውን ውሃ መተካት አይቻልምና። ቻርጀሩ እንደተሰካ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ15 ቮልት በላይ ከተነበበ፣ ጎኑ ከሞቀ ወይም የሚኮመጥጥ ሽታ ከተሰማ ወዲያውኑ መነቀል አለበት።

ስማርት ቻርጀር የሚለየው በዚህ ነው። መጀመሪያ በሙሉ አምፔሩ ይሞላል፣ 14.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ ቮልቱን እዚያው ይዞ አምፔሩ እንዲቀንስ ይተወዋል፣ በመጨረሻም ወደ 13.5 ቮልት አካባቢ ወርዶ ባትሪው በራሱ የሚያጣውን ያህል ብቻ ይተካል። ለወራት የሚቆም መኪና ላይ ሊተው የሚገባው ይህኛው ብቻ ነው። ለምሳሌ የማንቂያ ደወሉና ሰዓቱ 50 ሚሊአምፔር ቢስቡ በ30 ቀን 36 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል፤ ይህን ኪሳራ የሚተካው እርሱ ነው።

«ስማርት ቻርጀር የሞተ ባትሪም ያድናል።»

በጣም የወረደ ባትሪ ሲሰካበት ብዙዎቹ ሥራ ላለመጀመር ይመርጣሉ፤ ባለቤቱም ቻርጀሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ከዚህ የሚከፋው ግን አንድ ክፍሉ የሞተ ባትሪ ነው። ባትሪው እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት የሚሰጡ 6 ክፍሎች ስላሉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሞልቶና አርፎ 10.5 ቮልት አካባቢ ከቀረ አንዱ ክፍል መሞቱን ያመለክታል። ይህን ቻርጀርም ሆነ ኬብል አያስተካክለውም፤ መቀየር ነው።

«ጥቁሩን ኬብል የትም ብይዘው ልዩነት የለውም።»

ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። በኬብል ሲነሳ ቀዩ ከሁለቱ ባትሪዎች ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል፣ ጥቁሩ ከረጂው መኪና ነጋቲቭ ጋር፣ የመጨረሻው ጫፍ ግን ከባትሪው ራቅ ብሎ የደከመው መኪና ሞተር ላይ ካለ ቀለም ያልተቀባ ብረት ጋር ነው። በቻርጀር ደግሞ መቆንጠጫዎቹ ከተያያዙ በኋላ ነው ሶኬቱ የሚሰካው፤ መቆንጠጫዎቹ ሲላቀቁም መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል።