ዘይቱና ፋጉሎው፦ የጋራ ወጪን በማካፈል ላይ የሚታዩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በኪሎ ብናካፍለው ይቀላል፤ ፍትሐዊም ነው።»

አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ እንውሰድ። ዋጋዎቹ ስሌቱ እንዲቀል የተመረጡ ናቸው። 100 ኩንታል ኑግ በ820,000 ብር ገባ፤ ለማበጠሪያ፣ ለመጭመቂያ፣ ለመብራትና ለጉልበት 60,000 ብር ወጣ። ከመጭመቂያው 3,000 ኪሎ ያልተጣራ ዘይትና 6,500 ኪሎ ፋጉሎ ተገኘ፤ የቀረው 500 ኪሎ አፈር፣ እብቅና እርጥበት ነበር። ከ880,000 ብሩ የትኛው ለዘይቱ፣ የትኛው ለፋጉሎው እንደወጣ ማንም ሊለይ አይችልም። የጋራ ወጪ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ዘይቱና ፋጉሎው ለየብቻ የሚወጡበት ቦታ ደግሞ የመለያያ ነጥብ ይባላል።

በኪሎ ከተካፈለ እያንዳንዱ ኪሎ 92.63 ብር ይደርሰዋል። ፋጉሎ በኪሎ 40 ብር፣ ያልተጣራው ዘይት 260 ብር ይሸጣል እንበል። እንግዲህ ፋጉሎው ገና ከመጋዘን ሳይወጣ በኪሎ ከ52 ብር በላይ ከስሮ ይታያል፤ ዘይቱ ደግሞ የማይታመን ትርፍ ያሳያል። ኑጉ የተገዛው ለክብደቱ አይደለም፤ ከውስጡ ለሚወጣው ዋጋ ነው። በመለያያ ነጥብ የሽያጭ ዋጋ ሲካፈል ግን ዘይቱ 780,000፣ ፋጉሎው 260,000፣ በድምሩ 1,040,000 ብር ያወጣሉ። ድርሻቸው 75 እና 25 በመቶ ስለሆነ ዘይቱ 660,000፣ ፋጉሎው 220,000 ብር ይሸከማሉ። በኪሎ ሲታይ ዘይቱ 220 ብር፣ ፋጉሎው 33.85 ብር ነው፤ የሁለቱም የትርፍ መጠን 15.4 በመቶ ይሆናል።

«የሽያጭ ዋጋ ከተባለ፣ በወሩ የሸጥነውን ብር ወስደን እናካፍላለን።»

በተግባር በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው፤ የሽያጭ መዝገቡ እጅ ላይ ስላለ ያታልላል። ዘይቱ በሙሉ ተሸጦ ከፋጉሎው 2,600 ኪሎ ብቻ ወጣ እንበል፤ ከብት አደላቢዎቹ በዚያ ወር አልመጡም። የተሸጠው 780,000 እና 104,000 ብር ነው። በዚህ ከተካፈለ ፋጉሎው በሙሉ 103,529 ብር ብቻ ይሸከማል፤ በኪሎ 15.93 ብር መሆኑ ነው። ዘይቱ 776,471 ብር ተጭኖበት ትርፉ ወደ 3,500 ብር ይወርዳል። በሚቀጥለው ወር የቀረው ፋጉሎ ሲሸጥ ደግሞ ትርፉ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ይሆናል።

በመሸጫ ዋጋው የሚባዛው የተመረተው መጠን ነው፤ ተሸጠም በመጋዘን ተቀመጠ። በትክክለኛው ስሌት በመጋዘን የቀረው 3,900 ኪሎ ፋጉሎ 132,000 ብር ይመዘገባል። ስህተቱን ለመለየት ቀላል ምልክት አለ፦ የግዢ ዋጋም የገበያ ዋጋም ሳይለወጥ የአንድ ኪሎ ወጪ ከወር ወር የሚዘል ከሆነ፣ አካፋዩ ሽያጭ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

«እኛ የምንሸጠው የተጣራ ዘይት ስለሆነ ኤንአርቪን መጠቀም ግድ ነው።»

ኤንአርቪ የሚባለው ከመጨረሻው መሸጫ ዋጋ ላይ ከመለያያው በኋላ የሚወጣው ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ዋጋ ነው። ግድ የሚሆነው በመለያያው ነጥብ ላይ ገበያ ከሌለ ነው። ያልተጣራ ዘይት የሚገዛ ማጣሪያ በአካባቢው ካለና ዋጋው የሚታወቅ ከሆነ፣ እርስዎ ራስዎ ቢያጣሩትም የመለያያው ዋጋ ይቀድማል። ለምን እንደሆነ ስሌቱ ያሳያል።

3,000 ኪሎው ሲጣራ 2,850 ኪሎ ይሆናል፤ በ340 ብር 969,000 ብር ያወጣል። ማጣራትና ማሸግ 99,000፣ ማጓጓዣና ኮሚሽን 30,000 ብር ቢፈጁ፣ የዘይቱ ኤንአርቪ 840,000 ብር ነው። ፋጉሎው እዚያው በር ላይ ስለሚሸጥ ምንም አይቀነስበትም፤ 260,000 ብር እንዳለ ይገባል። ከ1,100,000 ብር ላይ ሲሰላ ዘይቱ 672,000፣ ፋጉሎው 208,000 ብር ይደርሳቸዋል።

ፋጉሎው ላይ አንዳች ነገር ሳይደረግ በኪሎ ከ33.85 ወደ 32 ብር ወረደ። ነገ የማጣሪያው ነዳጅ ቢወደድ መልሶ ይወጣል። ኤንአርቪ ከመለያያው በኋላ የሚሆነውን ሁሉ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ድክመቱ ይህ ነው። የትርፍ መጠኑም እኩል አይመጣም፦ ዘይቱ 17.3፣ ፋጉሎው 20 በመቶ ይሆናል። ይህን አይቶ ስሌቱ ተሳስቷል ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም።

«ኤንአርቪ ላይ የቀነስነው 129,000 ብር በሙሉ የዘይቱ ወጪ ላይ ይደመራል።»

በከፊል ብቻ። ማካፈያውን ለማግኘት ማጓጓዣውም ኮሚሽኑም ይቀነሳል፤ ክምችቱን ለመመዘን ሲመጣ ግን የመሸጫ ወጪ ወደ ዕቃው ዋጋ አይገባም፤ በወጣበት ጊዜ ለትርፍና ኪሳራው ይተዋል። የተጣራው ዘይት ወጪ 672,000 ሲደመር 99,000፣ ማለትም 771,000 ብር ነው፤ ለ2,850 ኪሎ ሲካፈል 270.53 ብር ይሆናል። በ3,000 የሚያካፍልም አለ፤ ያ 150 ኪሎ በማጣሪያው ውስጥ ቀርቷል፣ ከእንግዲህ ማንም አይገዛውም። የተገላቢጦሹ ስህተት ደግሞ 672,000 ብሩን የመጨረሻ ወጪ አድርጎ የማጣሪያውን ብር መርሳት ነው።

«ፋጉሎ ተረፈ ምርት ነው፤ የጋራ ወጪ ጭራሽ አይገባውም።»

ዓለም አቀፉ የክምችት መስፈርት አይኤኤስ 2 ለተረፈ ምርት ቀላል መንገድ ይሰጣል፤ ዋጋው አነስተኛ ከሆነ በኤንአርቪ ተመዝኖ ከዋናው ምርት ወጪ ላይ ይቀነሳል። የእብቁ ሽያጭ እንዲህ ቢያዝ ማንም አይከራከርም። ከጠቅላላው ዋጋ ሩብ የሆነውን ፋጉሎ ግን አነስተኛ ማለት ይከብዳል። በዚያ መንገድ ቢሄድ 260,000 ብሩ በሙሉ ከዘይቱ ወጪ ይቀነስና ፋጉሎው ምንም ትርፍ የሌለው ዕቃ ይመስላል።

«ማጣራቱ አዋጪ መሆኑን ዘይቱ ላይ ከተጫነው ድርሻ ጋር አይተን እንወስናለን።»

ድርሻው እዚህ ምንም አይናገርም፤ 880,000 ብሩ ዘይቱ ቢጣራም ባይጣራም ወጥቷል። የሚነጻጸረው ተጨማሪው ገቢና ተጨማሪው ወጪ ብቻ ነው፦ 969,000 ሲቀነስ 780,000፣ 189,000 ብር ተጨማሪ ገቢ ነው፤ 129,000 ሲወጣለት 60,000 ብር ይተርፋል፣ ስለዚህ ይጣራ።

የተጣራው ዘይት ወደ 310 ብር ቢወርድስ? ሽያጩ 883,500፣ ከወጪ በኋላ 754,500 ብር ይሆናል። እንዳለ ቢሸጥ ግን 780,000 ብር ነበር፤ በማጣራቱ 25,500 ብር ጠፍቷል። በዚያው ወር በኤንአርቪ የተሠራው ሪፖርት ዘይቱ 654,470 ብር ድርሻ ተሸክሞ ወደ 100,000 ብር እንዳተረፈ ይጽፋል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ያንን ወረቀት ይዞ ማጣራቱን ከቀጠለ በእያንዳንዱ 100 ኩንታል 25,500 ብር እየከፈለ ነው።