የተጣራ የአሁን ዋጋ፦ በሐዋሳ ዙሪያ በአንድ የአቮካዶ እርሻ ምሳሌ

የተጣራ የአሁን ዋጋ ማለት አንድ ሥራ በየዓመቱ የሚያስወጣውና የሚያስገባው ብር ሁሉ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመንዝሮ ሲደመር የሚቀረው ነው። ባንክ ቤት በአጭሩ ኤንፒቪ ይሉታል። ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ሥራው ያዋጣል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ብሩን ሌላ ቦታ ማዋል ይሻላል። መመንዘሪያው የቅናሽ ተመን ይባላል። ተመኑ 12 ከመቶ ከሆነ የዛሬ ዓመት የሚገባ 100 ብር ዛሬ 89 ብር ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገባው ደግሞ 71 ብር።

ሐሳቡን ያደላደለው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ኢርቪንግ ፊሸር ነው፤ በ1907 እና በ1930 እ.ኤ.አ. ስለ ወለድ በጻፋቸው መጻሕፍት።

ዓመታዊ ገቢው እኩል ለሆነ ሥራ ስሌቱ ቀላል ነው። አቮካዶ ግን እንደዚያ አይደለም። የሲዳማ አቮካዶ ስሙ የታወቀ ነው፤ ይርጋለም ባለው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ዘይቱ ይጨመቃል። ዛፉ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ያስጠብቃል፤ የተዳቀለ ችግኝ እንኳ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል።

አንድ ሰው ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ለ7 ዓመት መሬት ተከራየ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ ሁሉም ንረት ሳይጨመርባቸው በዛሬ የገበያ ዋጋ ተሰልተዋል፤ ገና አልተመነዘሩም። መጀመሪያ ለችግኝ፣ ለጉድጓድ፣ ለፓምፕና ለአጥር 400 ሺህ ብር ያወጣል። በ1ኛው ዓመት ለጥበቃና ለአረም 60 ሺህ፣ በ2ኛው 40 ሺህ ይወጣል፤ ገቢ የለም። በ3ኛው 80 ሺህ ይተርፋል፣ በ4ኛው 200 ሺህ፣ በ5ኛው 300 ሺህ። በ6ኛው ዓመት ፓምፑ ይቀየራልና ትርፉ 150 ሺህ ላይ ይወርዳል። በ7ኛው ተመልሶ 300 ሺህ ይገባል፤ ኪራዩም ያበቃል።

ዝም ብሎ ለሚደምር ሰው 530 ሺህ ብር ትርፍ አለው። በ12 ከመቶ ሲመነዘር ግን የሚቀረው 80 ሺህ ገደማ ነው። በ18 ከመቶ ደግሞ 47 ሺህ ብር ኪሳራ ይሆናል። መልሱ የሚገለበጠው 15 ከመቶ ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ተመኑ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው። ገቢውን በዛሬ የገበያ ዋጋ ያሰላል፤ ለመመንዘሪያ ግን የባንኩን የብድር ወለድ እንዳለ ይወስዳል። የብድር ወለድ ውስጥ የዋጋ ንረት አለበት። አቮካዶው በኪሎ ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ ለ7 ዓመት ይሸጣል ብሎ አስቦ፣ ብሩን ንረት ባለበት ወለድ መቀነስ ንረቱን በአንድ ወገን ብቻ መቁጠር ነው። ደህና ሥራ በወረቀት ላይ የሚሞተው እንዲህ ነው። ብድሩ 18 ከመቶ፣ ንረቱ 10 ከመቶ ከሆነ 1.18ን ለ1.10 ማካፈል ነው፤ እውነተኛው ወለድ 7.3 ከመቶ ይወጣል። ወይም ገቢና ወጪውንም በንረቱ ልክ አሳድጎ 18ቱን መጠቀም ይቻላል። ሁለቱን መቀላቀል ግን አይቻልም።

በ7.3 ላይ ለአደጋው የሚጨመር አለ። የዝናብ መቅረት፣ የገበያ መውረድ፣ የተባይ ነገር አለ። እኔ 5 ነጥብ ያህል ጨምሬ 12 ላይ ደረስኩ። ሌላው 8 ቢጨምር ልከራከረው አልችልም። የራሱን ብር የሚያወጣ ሰው ግን መጠየቅ ያለበት ይህ ብር ሌላ ቦታ ምን ያመጣልኝ ነበር ብሎ ነው፤ ለምሳሌ ሐዋሳ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ቢያከራይ። የቁጠባ ወለድን መመንዘሪያ የሚያደርጉም አሉ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ አድርጎታል። ያ ግን ንረት ያለበት፣ አደጋ ግን የሌለበት ተመን ነው፤ ለእርሻ አይሆንም።

በኤክሴል ለሚሠራ አንድ ወጥመድ አለ። NPV የሚለው ትዕዛዝ የመጀመሪያውን ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚወጣ ይቆጥረዋል። የዛሬው 400 ሺህ ከቅንፉ ውጭ መግባት አለበት፤ ቁጥሩ በB2 ላይ ከነመቀነሱ ተጽፎ፦

```
=NPV(12%,B3:B9)+B2
```

ሁሉንም ቅንፍ ውስጥ ያስገባ ሰው 80 ሳይሆን 72 ሺህ ያገኛል። ስህተቱ ትንሽ ስለሚመስል ማንም አያየውም።

ተመኑን 12 ላይ እንተወውና ምርቱ በአንድ ዓመት ቢዘገይስ? 3ኛውም ዓመት እንደ 2ኛው 40 ሺህ ያስወጣል፤ የመጀመሪያው 80 ሺህ በ4ኛው፣ 200 ሺህው በ5ኛው ይገባል። 6ኛውና 7ኛው እንዳሉ ይቆያሉ። ኪራዩ ግን አይራዘምምና 80 ሺህ ትርፍ የነበረው 138 ሺህ ኪሳራ ይሆናል። ከመሬት ባለቤቱ ጋር ሲደራደሩ ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ አንድ ዓመት ማስጨመሩ ሊበልጥ የሚችለው ለዚህ ነው።