በቴሌብር መቀበል ጀምረናል! (ግን መጀመሪያ እነዚህን የተሳሳቱ ነገሮች እናጥራ)

ቤተሰብ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ጀሞ ያለችው ሱቃችን በቴሌብር መክፈል ይቻላል፣ ካሽም እንደድሮው ይሰራል። ኪውአሩ ካሸሯ ፊት ባንኮኒው ላይ ቆሟል፣ ስሩ የነጋዴ ኮዳችን በትልቁ ተጽፏል። ከጀመርን ጥቂት ቀን ነው ግን ተመሳሳይ ነገር እየደጋገምን እየሰማን ስለሆነ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

❌ «የኔ ስልክ በተን ነው፣ ይሄ ነገር ስማርት ስልክ ላለው ነው»

✅ በፍጹም። *127# ብላችሁ ደውሉ፣ ሜኑ ይመጣል፣ ዳታ ማብራት አያስፈልግም። ትናንት አንዲት እናታችን ፓስታ፣ ሳሙናና ዳይፐር ገዝተው 1,285 ብር ሆነባቸው፣ ስልካቸው ያቺ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆየዋ ናት። *127# ደወሉ፣ ሜኑው ላይ ክፍያ የሚለውን መረጡ፣ የነጋዴ ኮዳችንን አስገቡ፣ 1285 ብለው ጻፉ። ከዛ ስልኩን ወደኔ ዘርግተው «ልጄ ፒኑን አንተ ምታልኝ» አሉኝ። እትዬ ይሄን እንኳን እኔ አልነካም አልኳቸው፣ ያቺ 6 ዲጂት ቁጥር ለኔም ለካሸሯም ለማንም አትነገርም፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚልም ጭምር። ዞር አልኩ፣ እሳቸው መቱ፣ አለቀ።

አፕ ያላችሁ ደግሞ ይቀላችኋል፣ አፑን ከፍታችሁ ኪውአሩን ስካን፣ ብሩን መጻፍ፣ የሚመጣውን ስም ማየት፣ ፒን። ስሙን ሳታዩ ፒን እንዳትመቱ ግን። የሚመጣው ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ስለሆነ ከታፔላችን ትንሽ ይለያል፣ ለዛ ነው ስሙንም ከኪውአሩ ስር የጻፍነው። የማይመሳሰል ስም ከመጣ አቁሙና ንገሩን፣ ምናልባት ሰው የራሱን ኪውአር ላዩ ላይ ለጥፎብን ይሆናል።

❌ «ስልኬ ላይ 500 ብር ሞልቻለሁ በሱ ቁረጡልኝ»

✅ ይሄ በጣም ብዙ ሰው ያምታታል። ካርድ የሞላችሁበት ሂሳብ፣ በ*804# የምታዩት ማለት ነው፣ ለመደወልና ለፓኬጅ ነው፣ በሱ ዘይት አይገዛም 😅። የቴሌብር ሂሳብ ቁጥሩ ያው የናንተ ስልክ ቁጥር ቢሆንም ሌላ ኪስ ነው፣ ወይ ወኪል ጋ ሄዳችሁ ካሽ ታስገባላችሁ ወይ ከባንካችሁ ታዛውራላችሁ። ሱቅ ከመምጣታችሁ በፊት ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፣ ሰልፍ መሃል ቆሞ «ለካ የለኝም» ማለት ለናንተም አይመች።

❌ «ምን ኮድ አስፈለገ፣ የካሸሯን ስልክ ስጡኝ እልክላታለሁ ያው ነው»

✅ ያው አይደለም። ለሰው ቁጥር ስትልኩ ብሩ የሚገባው የሰውየው የግል ሂሳብ ላይ ነው፣ የሱቁ ላይ አይታይም፣ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ካሸሯ ነው የምትጨነቀው። በዛ ላይ አንድ ዲጂት ከተሳሳታችሁ የማታውቁት ሰው ጋ ይሄዳል፣ 127 ደውላችሁ የግብይት ቁጥሩን ብትነግሩም ሰውየው ቀድሞ ካወጣው ማስመለሱ ከባድ ነው። ኮዳችንን በትክክል አስገብታችሁ ከከፈላችሁ ግን የብሩ ስህተት እኛው ጋ ነው የሚቀረው፣ 1285 ብላችሁ በስህተት 12850 ብትጽፉ እንኳን እናየዋለን እዛው እንመልሳለን። እኛ በቴሌብር ለከፈለ ዋጋ አንጨምርም።

❌ «ይኸው ስክሪንሾቱ፣ ከፍያለሁ አይደል እንዴ?»

✅ አትቀየሙን ግን ስክሪንሾት አንቀበልም። ያለፈው ሳምንት ክፍያ ላይ ቀኑንና ብሩን ቀይሮ ማሳየት የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ ሜሴጅም ከተራ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ሊላክ ይችላል። ትክክለኛው ሜሴጅ ላኪው 127 ብሎ ነው የሚመጣው፣ ብሩ፣ የተቀባዩ ስም፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የግብይት ቁጥር አለው። እኛ የምናየው ግን የናንተን ሳይሆን የኛን ስልክ ነው፣ እዛ ከገባ ጨርሰናል።

ኔትወርክ ተጨናንቆ ሜሴጁ ከዘገየ ደግሞ እባካችሁ ቶሎ ብላችሁ ድጋሚ አትክፈሉ፣ ሁለቴ ይቆረጣል። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፣ ካልቀነሰ አልተከፈለም፣ ከቀነሰ እቃችሁን ጎን አድርገን አብረን እንጠብቃለን። የሱቁ ስልክ ኪስ አይገባም፣ ሁሌ ከሚዛኑ አጠገብ ድምጹ ተከፍቶ ነው ያለው፣ ጢን ሲል እናንተም ትሰሙታላችሁ።