ዕለታዊ የገንዘብ ጣሪያ፦ የቱ ከፍ ይላል፣ የቱ አይልም?

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ በቆሎ በሚጫንበት ሰሞን ከነጋዴ አፍ የማይጠፋ ቅሬታ አለ፦ «ሂሳቤ ውስጥ ብር እያለ ለምን አላስተላልፍም ይለኛል?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዕለታዊ ጣሪያ ነው፤ ሰው በተለምዶ ሊሚት የሚለው። ጣሪያው ግን አንድ አይደለም፤ ማስጨመር የሚቻለውም የትኛው እንደከለከለ ሲታወቅ ነው።

አንደኛው ባንኩ ለካርድና ለሞባይል ባንኪንግ የሚያበጀው ነው። ስልክ ወይም ካርድ ቢሰረቅ ጉዳቱን ለመገደብ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ደንበኛው ሲጠይቅ ባንኩ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሁለተኛው የብሔራዊ ባንክ የጥሬ ገንዘብ ማውጫ ገደብ ነው። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ሲወጣ ለግለሰብ በቀን 200,000፣ ለድርጅት 300,000 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ተቀያይሯል። ይህን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በራሱ ሥልጣን አያነሳውም፤ መለማመጡ ትርፉ ድካም ነው። ሦስተኛው የማሽኑ ነው፤ ኤቲኤም በአንድ ጊዜ ቆጥሮ የሚያወጣው የኖት ብዛት የተወሰነ ስለሆነ፣ የቀኑ ጣሪያ እስካልሞላ ድረስ ካርዱን መልሶ ማስገባት ይበቃል።

ለመለየት ማሽኑ የሚያሳየውን ወይም ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት ነው። በካርድ ሥርዓት 51 ሂሳብ አይበቃም፣ 61 የገንዘቡ መጠን ከጣሪያ አልፏል፣ 65 ደግሞ ብር የወጣበት ጊዜ ብዛት ከጣሪያ አልፏል ማለት ነው። ቁጥሩ ካልታየ ባንኩ ጋ ማስጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ የቡሬ ነጋዴ 80 ኩንታል በቆሎ በ4,000 ብር ሂሳብ ገዛ እንበል፤ ዕዳው 320,000 ብር ነው። የሞባይሉ ጣሪያ 100,000 ከሆነ ከፍሎ የሚጨርሰው በአራተኛው ቀን ነው፤ ሻጩ ደግሞ ገንዘቡ ሳይገባ አያስጭንም። ለአንድ ጊዜ ከሆነ ጣሪያ ማስጨመር አያስፈልገውም። ቅርንጫፍ ሄዶ የማስተላለፊያ ቅጽ ቢሞላ የሞባይሉ ጣሪያ አይይዘውም፤ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ስለሚሄድም የጥሬ ገንዘቡ ገደብ አይነካውም።

ወቅቱን ሙሉ የሚገዛ ከሆነ ግን ሂሳቡን ወደከፈተበት ቅርንጫፍ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥሩን ይዞ ይሂድ። ማመልከቻው ላይ «ሊሚቴ ይነሳልኝ» ብሎ መተው አይጠቅምም። የሂሳብ ቁጥሩን፣ በሞባይል ይሁን በካርድ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ ለምን ሥራና እስከ መቼ እንደሚፈልግ ይጻፍ። የሂሳቡ እንቅስቃሴ ከጠየቀው መጠን ጋር ካልተቀራረበ ጥያቄው ይጓተታል። ማብቂያ ቀን ማስገባቱን እኔ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከፍ ያለው ጣሪያ ስልኩን ለሚሰርቀውም ከፍ ብሏልና። ለዚህ ሥራ የሚስጥር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ ሰው ካለ አጭበርባሪ ነው።

ጣሪያው ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ በትንሽ ብር መሞከር አያሳይም፤ ከድሮው ጣሪያ የሚያልፍ መጠን ሲላክ ነው መነሳቱ የሚታወቀው። የባንኩ «ቀን» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታደሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው።