ሚዛናዊ የውጤት ሥርዓት ምንድን ነው? በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሰንጠረዥ ላይ የቀረበ ክርክር

ባለፈው ሰሞን መሀል አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «የቢኤስሲ ዕቅዳችንን እስቲ እዩልን» ብለው አራት ገጽ ሰንጠረዥ ሰጡኝ፤ ቢኤስሲ የሚባለው ሚዛናዊ የውጤት ሥርዓት ነው። ፋይናንስ፣ ተገልጋይ፣ የውስጥ አሠራር፣ መማርና ዕድገት የተባሉት አራት ዕይታዎች እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ ይዘው ተደርድረዋል፤ በመጨረሻው ረድፍ ላይ ደግሞ ድምሩ 87 ከመቶ መሆኑ በደማቁ ተጽፏል። በዚያው ሳምንት በተገኘሁበት ሥልጠና ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ «ሚዛናዊ የተባለው እኮ ለአራቱም እኩል ክብደት ስለሚሰጥ ነው» ሲሉ ተሰብሳቢው ራሱን እየነቀነቀ ተቀበላቸው። ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ፤ አሁን ግን በጽሑፍ መልስ ልሰጥበት ወሰንኩ።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። ሥርዓቱ ወደ አገራችን መሥሪያ ቤቶች የገባው ቢፒአር የተባለውን የአሠራር ሂደት ለውጥ ተከትሎ ነው፤ ብዙው ሠራተኛም የሚያውቀው በየስድስት ወሩ ተሞልቶ ለአለቃ የሚቀርብ የግል የሥራ አፈጻጸም ቅጽ አድርጎ ነው። «ቢኤስሲ ሞላህ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ነገሩ ቅጽ ሆኖ እንደቀረ ይመሰክራል። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ሐሳቡን ሲያቀርቡ ግን መነሻቸው ሌላ ነበር። ድርጅቶች የሚመሩት በሒሳብ ሪፖርት ብቻ ስለነበር፣ ሒሳቡ ደግሞ የሚናገረው ያለፈውን ስለሆነ፣ ከገንዘቡ ጎን ገንዘቡን የሚያስከትሉት ነገሮች አብረው እንዲለኩ ፈለጉ። «ሚዛናዊ» የሚለው ቃል የሚናገረው ባለፈውና በሚመጣው፣ በገንዘቡና ገንዘቡን በሚያመጣው ሥራ መካከል ስላለው ሚዛን ነው። ስለ 25 ነጥብ የሚናገረው ነገር የለም።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥን ሴት እናስብ። የቀኑ ሽያጭ ፋይናንሷ ነው። ገዢው ነገም መመለሱ የተገልጋይ ዕይታዋ ነው። ቡኮው፣ አብሲቱና የምጣዱ ሙቀት የውስጥ አሠራሯ ናቸው፤ እርሾውና የእጇ ልምድ መማርና ዕድገቷ ናቸው። አንድ ቀን እንጀራው ዓይን አልባ ሆኖ ቢወጣና ገዢ ቢቀንስ፣ «እርሾ 25፣ ምጣድ 25፣ ገዢ 10፣ ሽያጭ 12፤ ድምር 72» ብላ አትደምርም። ወደኋላ ትሄዳለች፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ነበር ወይ፣ አብሲቱ በቅጡ በስሎ ነበር ወይ፣ እርሾው ሞቶ ይሆን ወይ እያለች ትጠይቃለች። አራቱ ዕይታዎች የተደረደሩት ለዚህ የኋሊት ጉዞ ነው። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል፤ የእርሾው ጥፋት በሦስተኛው ቀን ምጣድ ላይ ይታያል፣ የመምህሩ ጥፋት ግን ወላጁ ልጁን ሳያስመዘግብ እስኪቀር አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። 

ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ። ቁጥሮቹን ትምህርት ቤቱ እንዳይታወቅና ስሌቱ እንዲቀል አለዝቤያቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን እንዳለ ነው። በመስከረም 2017 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል 640 ተማሪዎች ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ በመስከረም 2018 የተመለሱት 477 ናቸው። በተገልጋይ ዕይታ ሥር የተቀመጠው ግብ «የወላጆችን እርካታ ማሳደግ» ሲሆን መለኪያው በወላጆች ቀን የተሞላ መጠይቅ ነው፤ ውጤቱም 92 ከመቶ። መጠይቁን የሞሉት የክፍል ኃላፊው መምህር ፊት ለፊት ተቀምጠው መሆኑን እንኳ ብንተወው፣ ልጃቸውን ይዘው የሄዱት ወላጆች በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበሩም። መለኪያው ግቡን ሊነግረን የሚገባው ከሄዱት ዘንድ ነበር፤ የተጠየቁት ግን የቀሩት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ መለኪያውን በዳግም ምዝገባ መጠን ተካነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቸልታ የሚያልፈው ነገር አለ፤ ለማን እናካፍላለን? 477ን ለ640 ብናካፍል 74.5 ከመቶ ይሆናል። ነገር ግን 60ዎቹ 8ኛ ክፍልን ጨርሰው የሄዱ ስለሆኑ ይመለሳሉ ተብለው የሚጠበቁት 580 ናቸው፤ መጠኑም 82 ከመቶ ግድም ይሆናል። ከዚህም ሌላ በ2017 በካዛንቺስና በአካባቢው በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ የተዛወሩ ቤተሰቦች 50 ልጆችን በመሸኛ አስወጥተዋል። እነርሱን ስንቀንስ 477 ለ530፣ ማለትም 90 ከመቶ። ከአንድ መዝገብ ሦስት መልስ ወጣ። የትኛውን እንደምንይዝ ከዓመቱ በፊት ተጽፎ ካልተቀመጠ፣ በሰኔ ሪፖርት ላይ የሚቀርበው ቁጥር የትኛው እንደሚሆን ለመገመት አይከብድም። የመኖሪያ ለውጡም በመሸኛው ላይ የተጻፈ ወይም በስልክ ተጠይቆ የተረጋገጠ ካልሆነ እንዲቀነስ አልፈቅድም፤ አለዚያ የሄደ ሁሉ «ቤት ቀይሮ» ይሆናል።

ከሒሳብ ሙያ ስለመጣሁ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። የተዛወሩት 50 ልጆች ከተገልጋይ መለኪያው ይቀነሱ እንጂ ከፋይናንሱ አይቀነሱም፤ ወላጁ ተከፍቶም ሄደ ቤቱ ፈርሶ፣ የወር ክፍያው ቀርቷል። በዚያ ሰንጠረዥ የፋይናንስ ዕይታው 22 ከ25 ያገኘው የክፍያ ገቢ ስላደገ ነው። ገቢው ያደገው ግን በክፍያ ጭማሪው ነበር፤ የልጆቹ ቁጥር ቀንሶ ሳለ ጭማሪው ጉድለቱን ሸፈነው። ስለዚህ የዋጋውን ድርሻ ከልጆቹ ቁጥር ድርሻ ለይቶ የማያሳይ የገቢ መለኪያ ለትምህርት ቤት አይበቃም። በዚህ ላይ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ ትምህርቱ የሚጀምረው መስከረም ስለሆነ፣ በክረምት የሚሰበሰበው የምዝገባ ገንዘብ ከየትኛው የትምህርት ዓመት ውጤት ጋር እንደሚነጻጸር መወሰን አለበት።

አሁን በራሳቸው ፈቃድ የሄዱት 53 ልጆች ቀሩን። ሥርዓቱ መሥራት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ርእሰ መምህሩ መዝገቡን በክፍል ሲለዩት 31ዱ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሆኑ። በእነዚህ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ወደ 30 ልጅ የሚይዙ ስድስት ምድቦች አሉ፤ በሦስቱ ምድቦች የክፍል ኃላፊው መምህር በዓመቱ መካከል ለቋል። መምህር ከተቀየረባቸው ሦስት ምድቦች 22 ልጆች ሄዱ፣ ካልተቀየረባቸው ሦስቱ ደግሞ 9። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ምድቦቹም በሌላ ነገር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ይህ ማረጋገጫ ሳይሆን ለመፈተን የሚያበቃ ግምት ነው። ነገር ግን በአራቱ ዕይታዎች ሳጥኖች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ከምክንያት ወደ ውጤት የሚያመለክት ቀስት ለመሳል የሚያስችል ነገር ተገኘ።

የመማርና ዕድገት ዕይታው በሰንጠረዡ ላይ ሙሉ 25 አግኝቶ ነበር፤ ምክንያቱ «አራት ሥልጠና መስጠት» ተብሎ ታቅዶ አራት ሥልጠና መሰጠቱ ነው። ሥልጠና የሚሠራ ሥራ ነው፤ ግብም መለኪያም አይደለም። አዲሱን ግብ «የ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል መምህራን ዓመቱን ከልጆቻቸው ጋር ይጨርሳሉ» ብለን ጻፍነው። መለኪያውንም የሠራተኛ ፍልሰት መጠን አላደረግነውም፤ ከ45 መምህራን 4 ለቀቁ ሲባል 9 ከመቶ ገደማ ነውና ማንንም አያስደነግጥም። በምትኩ በመስከረም የነበረው መምህር በሰኔም የሚገኝባቸውን ምድቦች እንቆጥራለን፤ ባለፈው ዓመት ከስድስቱ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ቁጥሮች ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፣ ወላጁ የሚያየው ግን ሁለተኛውን ነው።

በመካከል ያለው የውስጥ አሠራር ዕይታ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን የሚቀር ነው፤ «ጥራት ያለው የመማር ማስተማር ሂደት» ተብሎ ይታለፋል። እኛ የጠየቅነው መምህር ሲቀየር ምን ይጠፋል የሚለውን ነበር። የጠፋው አዲሱ መምህር የትኛው ልጅ ማንበብ እንደሚከብደው አለማወቁ ነው። ስለዚህ ግቡ የእያንዳንዱ ልጅ የንባብ ደረጃ ተመዝግቦ እንዲቆይ ሆነ፤ መለኪያውም በየወሩ ለብቻው አንብቦ የተደመጠና በመዝገብ የሰፈረለት ልጅ ከመቶ ስንት እንደሆነ። መዝጋቢው መምህሩ ራሱ ስለሆነ፣ ምክትል ርእሰ መምህሯ ከየምድቡ አምስት ልጆችን በዕጣ አውጥተው ደግመው ያዳምጣሉ። የክፍል ማርክን ሆን ብዬ አልተጠቀምኩበትም፤ ሰጪውም ተመዛኙም አንድ መምህር በሆነበት ማርኩ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው።

ቀስቱ ወደ ፋይናንስ ሲደርስ ስሌቱ ይህን ይመስላል። መምህር በተቀየረባቸውና ባልተቀየረባቸው ምድቦች መካከል ያለው ልዩነት 13 ልጅ ነው። የዓመት ክፍያው 40,000 ብር ቢሆን 520,000 ብር ይሆናል። ከአንድ ምድብ አራት ልጅ ሲወጣ የመምህሩም ደመወዝ የክፍሉም ኪራይ ስለማይቀንስ፣ ይህ ገንዘብ ከሞላ ጎደል ከትርፉ ላይ ነው የሚነሳው። ለስድስቱ መምህራን ለእያንዳንዳቸው ዓመቱን ሲጨርሱ በሰኔ የሚከፈል 30,000 ብር ጉርሻ ቢታሰብ 180,000 ብር ያስወጣል። ውሳኔው ለባለቤቶቹ ነው፤ ዕቅዱ የሚያሳያቸው ገንዘቡ በየትኛው መንገድ ተዟዙሮ እንደሚመለስ እንጠብቃለን የሚለውን ነው። 87 ከመቶ ይህን ሁሉ ውጦት ነበር።

«ለአንዱ ብዙ ክብደት ከሰጣችሁ ሚዛኑ ተዛባ» ለሚሉት አስተያየት ሰጪ ጥያቄ አለኝ። የመምህራኑ መቆየት ከስድስት ስድስት ሆኖ ዳግም ምዝገባው ካልተነቃነቀ፣ እርስዎ ደምረው ጥሩ ነጥብ ያገኛሉ፤ እኔ ግን ቀስቱ ስሕተት ነበር ብዬ እሰርዘዋለሁ፣ 53ቱ የሄዱበትንም ምክንያት እንደገና እፈልጋለሁ። ክብደት መስጠት ለግለሰብ ምዘና ሊያገለግል ይችላል፤ ግምትን ለመፈተን ግን አይረዳም።

ርእሰ መምህሩ አንድ ነገር አስቸገራቸው። «ቦርዱ አንድ ቁጥር ካላየ አይረካም» አሉኝ። እኛ ግን ድምሩን አስወግደን በአንድ ገጽ ላይ አራት መስመር ብቻ አስቀመጥን፦ ዓመቱን የሚጨርሱ መምህራን፣ ተደምጠው የተመዘገቡ ልጆች፣ ዳግም ምዝገባ፣ ከልጆች ቁጥር ለውጥ የመጣ ገቢ። በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ውጤቱ የሚታወቅበት ወር ተጽፏል። የመጀመሪያው የሚፈተነው መምህራን ሌላ ትምህርት ቤት አግኝተው በሚለቁበት በሁለተኛው ሴሚስተር መግቢያ ነው፤ ሦስተኛው ከመስከረም 2019 በፊት መልስ አይኖረውም፤ ከዚያ በፊት ተሞልቶ ከቀረበ ቦርዱ እንዲመልሰው ከገጹ ግርጌ ጽፈናል።