የደሴ ላይቭ ሽያጭ፦ ከቁጥሩ ወረቀት እስከ ደብተሩ

ላይቭ ሽያጭ ማለት ነጋዴዋ ስልኳን ተክላ ዕቃዋን አንድ በአንድ በቀጥታ ቪዲዮ እያሳየች የምትሸጥበት መንገድ ነው። ቻይና ውስጥ ታኦባኦ የሚባለው የገበያ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀምረው ተመልካቹ እዚያው ስክሪኑ ላይ ተጭኖ ይከፍላል፤ ቀሪውን ድርጅቱ ይጨርሰዋል። ደሴ ላይ እንዲህ አይደለም። የቲክቶክ ሱቅ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ፌስቡክም የላይቭ ገበያውን መስከረም 21 ቀን 2015 ዘግቶታል። ላይቭ መግባት ግን ይቻላል። ስለዚህ ለእኛ ነጋዴ የቀረላት ምስሉና ኮመንቱ ብቻ ነው። ትዕዛዙ ኮመንት ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ነው። ማድረሻው ሚኒባስና ባጃጅ ነው።

ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። ላይቩ ላይ የሚታየው ሳቅና ጨዋታ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ሽያጩ የሚወሰነው ከላይቩ በፊት ባለው ቀንና ከላይቩ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። አንድ ዕቃ ይዘን ብናየው ይገባናል፤ አባያን እንውሰድ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሴቶች የዘወትር ልብስ ነው፤ ዒድ ሲቃረብ ደግሞ ፈላጊው ይበዛል።

አንዲት የፒያሳ ነጋዴ 40 አባያ አስገባች እንበል። የመጀመሪያ ሥራዋ ቁጥር መለጠፍ ነው። ከ1 እስከ 40 በወፍራም እስክሪብቶ፣ በነጭ ወረቀት፣ በትልቁ። ይህን የምታደርገው ለማማር አይደለም። ላይቭ ቪዲዮ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ነው፤ ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እሷ ሦስተኛውን አባያ ስታነሳ ተመልካቿ ገና ሁለተኛውን እያየች ነው። «ይሄኛው ስንት ነው?» የሚል ኮመንት ሲመጣ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። «12 ያዥልኝ» ሲባል ግን ጭቅጭቅ የለም።

ሁለተኛው ሥራ መለካት ነው። የአባያ ሳይዝ 52፣ 54፣ 56፣ 58 እየተባለ የሚነገረው ከትከሻ እስከ ታችኛው ጠርዝ ያለው ርዝመት በኢንች ነው። 56 ማለት 142 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ገዢ ይህን አታውቅም፤ «ኤል አለሽ?» ብላ ነው የምትጠይቀው። ያወቀችበት ነጋዴ የእያንዳንዱን ቁመትና የደረት ስፋት በሜትር ለክታ እዚያው ቁጥሩ ሥር ትጽፋለች። «ልብስ የሚለካ ሜትር ካለሽ ከትከሻሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ለኪና ንገሪኝ» ትላለች። ይህን ያልሠራች ሰው ላይቭ ላይ እያለች ሜትር ስትፈልግ አምስት ደቂቃ ታጠፋለች። ተመልካች ደግሞ አምስት ደቂቃ አይታገስም፤ ጣቱን አንሸራቶ ይሄዳል።

ሦስተኛው ብርሃን ነው፤ ክርክር የሚያስነሳው እሱ ነው። ስልክ ካሜራ ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል። ክፍሉ ውስጥ ቢጫ አምፖል ካለ ክሬሙ ነጭ ይመስላል፤ ጥቁር ሰማያዊው ጥቁር ይመስላል። ነገ ዕቃው ሲደርስ «ያሳየሽኝ ይሄ አይደለም» ይመጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ነጭ አምፖል ከፊት ለፊት ይሰቀላል። ከዚያ ነጭ ወረቀት ካሜራው ፊት ተይዞ በሌላ ስልክ ይታያል። ወረቀቱ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ አባያውም ይዋሻል ማለት ነው። ያ ሁለተኛ ስልክ ሌላም ጉድ ያጋልጣል፤ የፊት ካሜራ ምስሉን እንደ መስታወት ስለሚገለብጥ የለጠፍሽው ቁጥር ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። በኋላ ካሜራ መቅረጽ ይሻላል፤ ጥራቱም ይበልጣል።

ስለ ዳታ ሒሳቡ ቀላል ነው። ላይቭ በሰከንድ ሁለት ሜጋ ቢት ቢልክ በአንድ ሰዓት ወደ 900 ሜጋ ባይት ይበላል። ለሰዓት ተኩል ላይቭ ሁለት ጊጋ ይዞ መግባት አያስቸግርም። ዋይፋይ ያላትም ቢሆን የሞባይል ዳታ መያዝ አለባት፤ መብራት ሲጠፋ የዋይፋይ ሳጥኑ አብሮ ይጠፋልና። ስልኩ በሞባይል ዳታ፣ አምፖሉ በፓወር ባንክ ከሆነ ላይቩ አይቆረጥም። አንድ የመንደራችን ነጋዴ መብራት በጠፋ ቁጥር በጎረቤት ስልክ ባትሪ እያበራች ስታሳይ አይቻለሁ። ሽያጩ አልከፋም፤ ቀለሙን ግን ማንም አያምናትም።

መቼ ልግባ የሚለው ጥያቄ ደሴ ላይ የራሱ መልስ አለው። የአባያ ገዢ ብዙ ጊዜ ሙስሊም ናት፤ ስለዚህ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን ሰዓት መንካት ከንቱ ነው። ረመዳን ከሆነ ከተራዊሕ በኋላ ይሆናል። ነገር ግን የገዢው ግማሽ ደሴ ላይ ላይሆን ይችላል። ወሎ ውስጥ ልጁን ሳዑዲ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ያልላከ ሰፈር ጥቂት ነው። ጅዳ ያለች እህት ሐይቅ ላሉት እናቷ አባያ መግዛት ትፈልጋለች። የሳዑዲ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። የቤት ሠራተኛዋ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን የምትይዘው ግን ማምሻውን ዘግይታ ነው። ለእሷ የተሰናዳ ላይቭ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ባይጀምር ይሻላል። ዓርብ ማታ እረፍት ያላትም አለች።

ማስታወቂያው ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ይጀምራል። ከ40 አባያ ሦስቱን ብቻ ያሳየ አጭር ቪዲዮ ይበቃል። ሁሉንም ያሳየች ነጋዴ ማታ የሚያያት ታጣለች። ቪዲዮው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና የዋጋው መነሻ ይጻፋል። ዋጋ ደብቆ «ኢንቦክስ» ማለት የሚያናድድ ልማድ ነው፤ እኔ በግሌ እንዲህ ያለውን አልጠብቅም። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ለመግባት ዕድሜ 18 መሙላት ያስፈልጋል፤ በአብዛኛው 1,000 ተከታይም ይጠይቃል። ያልደረሰች ጀማሪ በቴሌግራም ቻናሏ መግባት ትችላለች። የዓረብ አገር ደንበኞችን ግን በኢሞ ማሳወቅ አይረሳም፤ ብዙዎቹ ከቤተሰብ ጋር የሚገናኙት በእሱ ነው።

ላይቩ ሲጀመር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዷ ታሳያለች፤ አንዷ ትጽፋለች። የምትጽፈዋ እህት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ልትሆን ትችላለች፤ ብቻ ዓይኗ ከኮመንቱ አይነቀል። ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሦስት መስመር ይተዋል። መጀመሪያ «ያዥልኝ» ያለችው በላይኛው ትጻፋለች። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ከሥሯ ተጠባባቂ ሆነው ይጻፋሉ። ይህቺ ተጠባባቂ የምትባለዋ ናት ገንዘቡን የምታመጣው።

የዚያን ምሽት ሒሳብ እንሥራ። አባያው አንዱ 3,000 ብር ነው እንበል። ሰዓት ተኩል ሙሉ 45 «ያዥልኝ» መጣ። ብዙዎቹ ያረፉት በተወደዱት ቁጥሮች ላይ ስለሆነ የተያዘው አባያ 28 ብቻ ነው፤ የቀሩት 17 ስሞች ተጠባባቂ ሆኑ። ነጋዴዋ እስከ ነገ ቀትር ቀብድ ያልላከ ዕቃው ይለቀቅበታል ብላ ቀድማ ተናግራለች። ቀትር ሲደርስ 19ኙ ልከዋል፤ ዘጠኙ ጠፍተዋል። ይህ ያለ ነው። ማታ የሞቀው ልብ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ደብተር ያልያዘች ነጋዴ እዚህ ጋ ትቆማለች፤ 19 ሸጣ 57,000 ብር ታገኛለች። ደብተር የያዘችዋ ግን ለዘጠኙ አባያዎች ተጠባባቂዎች ትደውላለች። አምስቱ «እሺ» ካሉ 24 ሸጠች፤ 72,000 ብር ሆነ። የ15,000 ብሩ ልዩነት የመጣው ከካሜራው ሳይሆን ከሦስት መስመር ወረቀት ነው።

መደወሉ ላይ አንድ ነገር መጠበቅ አለበት። የሚደወለው በዚያው ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን የተደወለላት ሰው ወይ ከሌላ ገዝታለች፣ ወይ የቱ አባያ እንደነበር ረስታለች። የተጠየቀችውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ከመልእክቱ ጋር መላክ ያስታውሳታል። ቪዲዮውን ተመልሳ ታየዋለች ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ ፌስቡክ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዳዲስ ላይቮችን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋቸዋል።

ክፍያው ሲመጣ ዋናው አደጋ የተፈበረከ ደረሰኝ ነው። «ልኬአለሁ» ተብሎ የሚመጣ ስክሪንሹት በሁለት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው። ያለፈ ደረሰኝ ቀኑ ተቀይሮ ይመጣል፤ ከግል ስልክ የተጻፈ መልእክት የባንክ መስሎ ይመጣል። መለያው አንድ ነው፤ የላከችውን አታዪ፣ የደረሰሽን እዪ። የራስን ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ከፍቶ ሒሳቡ መጨመሩን ማየት ነው። ብሩ ካልገባ ዕቃው ከሱቅ አይወጣም፤ ደንበኛዋ የቱንም ያህል ብትቆጣ።

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዕቃው በዚያው ቀን በሚኒባስ ይደርሳል። ለወልዲያ፣ ለከሚሴና ለባቲም መናኸሪያ ወርዶ ለሾፌር ወይም ለረዳት መስጠት የተለመደ ነው። እዚህ ጋ የታርጋ ቁጥሩ፣ የሾፌሩ ስልክና የመነሻ ሰዓቱ በፎቶ ተይዞ ለተቀባይዋ ይላካል። ለጅዳዋ ገዢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ እናቷ ዕቃውን ሲቀበሉ አጭር ቪዲዮ። «እማማ፣ ልጅዎ ነች የላከችልዎ» ተብሎ ሲሰጧቸው የሚታየው ፊት ለከፋይዋ ደረሰኟ ነው። ነጋዴዋ ይህን ከላከችላት የጅዳዋ ገዢ በሚቀጥለው ላይቭ ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች። ቪዲዮውን ለማስታወቂያ መለጠፍ ግን ሳያስፈቅዱ አይሆንም።

የደንበኞቹ ስልክ ቁጥር ያ ደብተር ላይ መኖሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የቲክቶክ ተከታይ ብዛት ምንም አይሠራም፤ መደወል ግን ይቻላል።

ከ40ዎቹ የቀሩት 16 ለሚቀጥለው ሳምንት አይደገሙም፤ ቢያንስ በዚያው ቁጥርና በዚያው ቅደም ተከተል አይደገሙም። ተመልካች ያደረ ዕቃ ያውቃል። ከአዲሶቹ መካከል እየተሰባጠሩ፣ ሦስት አራት እየሆኑ ይገባሉ። ረዝሞ የተመለሰ አባያ ካለ ደግሞ በልብስ ሰፊ ይታጠርና አዲሱ ቁመት ተለክቶ ቁጥሩ ሥር ይጻፋል። ያጠረ ከሆነ ግን ልብስ ሰፊም አያድነውም፤ ላጠር ላለች ደንበኛ እስኪገኝ ይሰቀላል።